በስፓኒሽ የተጻፈ እምቢታ

የአልዩ አምባው ነጋዴ የሸሪፍ ልጅ ነጅዋ አንኮበር ላይ የራሷን የወፍ አስጎብኚነት ሥራ ከፍታለች። አንድ የማድሪድ አስጎብኚ ድርጅት ስፔን ሄዳ እንድትቀጠርለት ጠየቃት። መሄድ አልፈለገችም፤ ነገር ግን እንግዳ የሚልኩላት እነርሱ ስለሆኑ ልታስቀይማቸው አልወደደችም።

«እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ‹ኢንሻአላህ፣ እናያለን› በያቸው» አላት ሸሪፍ።

«አባዬ፣ እንዲያ ካልኩማ ቦታውን ክፍት አድርገው ይጠብቁኛል። ‹እናያለን› ማለት እምቢታ መሆኑ የሚገባቸው የአንተ ገበያተኞች መሰሉህ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

በስፓኒሽ እየጻፈች ተረጎመችለት፦ «የተከበሩ ወይዘሮ ኦርቴጋ፦ ስላቀረቡልኝ ሥራ ከልብ አመሰግናለሁ። በሚገባ ካሰብኩበት በኋላ ላለመቀበል ወስኛለሁ፤ እዚህ የጀመርኩት ሥራ ሙሉ ጊዜዬን ይፈልጋል። ወደፊት ከእናንተ ጋር የምሠራበት ዕድል ቢገኝ ግን ደስ ይለኛል። ከአክብሮት ሰላምታ ጋር።»

«በቃ፣ በሩን ጠረቀምሽው!» አለ ሸሪፍ።

በማግሥቱ መልስ መጣ። ወይዘሮ ኦርቴጋ፣ ነጅዋ በግልጽ ስለነገረቻቸው አመስግነው፣ ቦታውን ለሌላ ሰው መስጠት እንደቻሉ ገለጹ። ቀጥለውም፣ «በኅዳር አንኮበር የሚመጡትን እንግዶቻችንን እርስዎ ይመሩልን ይሆን?» ሲሉ ጠየቁ።

ሸሪፍ ጋቢውን አስተካክሎ ወደ ጎረቤቱ ወጣ። «ነጅዋ ፈረንጆቹን እምቢ አለቻቸው፤ እነርሱም እርስዎ እያሉ ደጇ ድረስ ሊመጡላት ነው» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።