ሁለት ደርቦ ማድረግ

ልጄ የጤና ጣቢያውን ደረጃ እኩሌታ ወጥታ ተቀመጠች። ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። «አንቺ አሮጊት፣ ተነሺ እንጂ!» ብዬ ቀለድኩባትና እጇን ይዤ ነርሷ ክፍል አስገብቼ አስቀመጥኳት።

ነርሷ፣ «የወር አበባሽ ሲበረታ ሞዴስ በየስንት ሰዓቱ ትቀይሪያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«በየአራት ሰዓቱ አንዴ።»

«በእሱ በኩል እንኳ ደህና ነው» አለች ነርሷ።

ደስ ብሎኝ ጣልቃ ገባሁ። «እኛ ቤት ሴቱ ሁሉ ብዙ ይፈሰዋል፤ ሁለት ሞዴስ ደርባ እንድታደርግ አስተምሬያታለሁ።»

ነርሷ ቀና አለች። «ሁለቱም በደም ይሞላሉ?»

«አዎ፣ አንዳንዴም አልፎ ልብሴን ይነካል» አለች ልጄ አቀርቅራ።

«እንግዲያው በየሁለት ሰዓቱ አንድ እየሞላ ነው።» ከኪሷ ሳንቲም አውጥታ መዳፏ ላይ አኖረች። «የረጋ ደም ሲወጣስ፣ ከዚህ ይበልጣል?»

«ይበልጣል።»

ነርሷ የልጄን የታች ዐይን ሽፋን ገለጥ አድርጋ አየች። ውስጡ ነጣ ብሏል። «ይሄ ብዙ ነው። ድካሙም ደም አንሷት ሊሆን ስለሚችል እንመረምራታለን። መድኃኒት አለው፤ አይስጉ።»

ሳንቲሟን አፍጥጬ አየኋት። እናቴ ደረጃ ላይ ትቀመጥ ነበር፤ እህቶቼም እንደዚያው። እኛ ተፈጥሯችን ነው ያልነውን ይህች ትንሽ ብረት መዝና አሳየችኝ።

«እናት፣ እርስዎስ ስንት ይደርባሉ?» አለችኝ ነርሷ።

«ሁለት» አልኩና ከልጄ ጎን ተቀመጥኩ።