በጋሽ ዘካሪያስ እጅ ላይ የጎደለው ሂሳብ

ባለቤቴን ሲላስን በሙዝ ንግድ የሚያህለው የላንቴ ሰው የለም፤ ሜሴጅ ማንበብ ላይ ግን ሰነፍ ነው። ከቴሌኮሙ የሚመጣውን ሁሉ "ዕጣ ነው" እያለ ሳይከፍት ያጠፋዋል። የስልኩ ሂሳብ በየቀኑ ሲጎድልበት ታዲያ ሌባ ፈለገ። ሌባዋም እኔ ሆንኩ።

ጠዋት ስልኩን ቤት ቻርጅ ላይ ሰክቶ ወደ እርሻ ይሄዳል፤ ለምሳ ሲመለስ ሂሳቡ ጎድሎ ያገኘዋል።

"ገረሴ ላለው ወንድምሽ እየደወልሽ ነው፣ አቢጋኤል።"

"አልደወልኩም!"

አላመነኝም። ዳታውን ዘግቶ ሄደ፤ ጎደለ። ስልኩን ራሱን አጥፍቶ ሄደ፤ አሁንም ጎደለ። በገዛ ቤቴ ሌባ መባሉ አንገበገበኝ። ልብሴን ሸክፌ ወደ ገረሴ ልነሳ ስል፣ ጎረቤታችንና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ዘካሪያስ ደረሱ።

"ስልኩን እኔ ልያዘው" አሉ። "ሲላስ፣ ሂሳብ ሙላበት፣ ዳታውን ዝጋ። ምሳ ሰዓት ሁላችንም እዚሁ እንቀመጥ።"

እንደ መባ ሳህን በሁለት እጃቸው ያዙት። እኛ ስንበላ እሳቸው እጅ አጥተው ጦማቸውን ዋሉ። ድንገት ስልኩ ጮኸ። ሲላስ ዘሎ ሂሳቡን አየ። ጎድሏል።

"ጋሽ ዘካሪያስ... እርስዎም?"

"ጌታ ምስክሬ ነው፣ ጣቴን አላንቀሳቀስኩም!" አሉ ሽማግሌው በላብ ተጠምቀው። "ቆይ፣ ሜሴጁን እንዳታጠፋው!" መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። "'የዕለታዊ ኢንተርኔት ጥቅልዎ በራሱ ታድሷል። ክፍያው ከሂሳብዎ ተቀንሷል።'"

"ዳታውን ዘግቼው የለ እንዴ!"

ወደ ደንበኞች አገልግሎት ደወልን። "ዳታ ሲዘጉ መጠቀሙ ይቆማል እንጂ ግዢው አይቆምም" አለች ልጅቷ። "ስልኩ ቢጠፋም ያው ነው። በቂ ሂሳብ ካለ፣ ጥቅሉ ጊዜው ባለቀ ቁጥር እንደገና ይገዛል። ሲገዙ 'በራሱ የሚታደስ' የሚለውን መርጠው ነው።"

ሲላስ አንገቱን አከከ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ኳስ ለማየት ገዝቶ ነበር። "ሰው ዕቃ ሲገዛ የሚበረክተውን አይመርጥም?" አለ።

በነገረችን መሠረት፣ በገዛበት ማውጫ ገብቼ እድሳቱን ሰረዝኩት። ለዛሬ የታደሰው ግን እስከ ነገ ምሳ ሰዓት ይሠራል።

ሲላስ ተነስቶ ጋሽ ዘካሪያስን ይቅርታ ጠየቀ። እሳቸው በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙት። "እኔ የተጠረጠርኩት ለአፍታ ነው፣ ልጄ። እሷስ?"

ሲላስ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረ። ሽሽቱ አናደደኝ። የተከፈለበት ጥቅል ለምን ይባክናል ብዬ ዳታውን ከፈትኩና ለወንድሜ ለዕዝራ በቪዲዮ ደወልኩ። ፊቱ ብቅ ሲል ስልኩን ወደ ሲላስ አዞርኩት።

"ዕዝራ" አለ ሲላስ፣ "እህትህን በድያታለሁ። ይቅር በይኝ፣ አቢጋኤል።"

አላለቅስም ብዬ ነበር፤ አለቀስኩ።

ምንም የማያውቀው ዕዝራ ደነገጠ። "ምን ወስደህባት ነው?"

"ስሟን" አለ ሲላስ።