ለሁለት የተቆረጠው እሽግ

ዙልፋ ማንቆርቆሪያውን ከጀሪካኑ እየሞላች ነበር። ውሃው ሲወርድ እንዳይሰማባት አፉን ዘንበል አድርጋ ይዛዋለች። ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ታጥባ ውዱእ አድርጋ መስገጃዋ ላይ ከቆመች ገና ምንም አልቆየችም፤ ሁለተኛውን ረከዓ ሳትጨርስ ሽንቷ መጣባትና ሶላቷን አቋርጣ ወደ ጓሮ ወጣች። ጓሮ ስትደርስ የወረደላት ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው። እሱም እንደ ሚጥሚጣ የሚለበልብ።

ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከማንጎው ጥላ ሥር፣ የልጇ ሚስት ሲቲ ሽንኩርት ትለያለች። የበሰበሰውን ወዲያ፣ ደህናውን ወዲህ። ሆዷ ገፍቶ ስለማያስጎነብሳት ቅርጫቱን ጎኗ ላይ አስጠግታዋለች። ዓሪፍን ካገባች ዓመታት አልፈዋል፤ ልጅ ሳይመጣ፣ ሰው እየጠየቀ፣ ዙልፋም በየሶላቱ ዱዓ እያደረገች። አሁን ስድስተኛ ወሯን ይዛለች።

«እማዬ፣ አሁን ውዱእ አድርገው አልነበረም እንዴ?»

«ፈታሁት።»

«ጠዋትም ፈቱት፣ ትናንትም ፈቱት። ይሄ ማንቆርቆሪያ እኮ አፍ ቢኖረው ከዚህ ቤት ልውጣ ይል ነበር።»

«አንቺ ሽንኩርትሽን ልዪ!» አለች ዙልፋ፤ ሳቋ ግን አመለጣት።

ሲቲ ግን መሳቋን ተወች። ግራ ቀኝ አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያቃጥልዎታል?»

ዙልፋ ቶሎ ቶሎ እጇን ማጠብ ጀመረች።

«እኔንም ይዞኝ ነበር እኮ። ግራና ጤና ጣቢያ ለክትትል ስሄድ ለሲስተር ፍሬሰላም ነገርኳት። ሽንቴን አስመረመረችኝ። የሽንት ፊኛ ኢንፌክሽን ነው አለችኝ።» ከዚያ እንደ ነርሷ ጣቷን ቀስራ ድምፅዋን አወፈረች። «‹ውሃ በደንብ ጠጪ፣ ሽንትሽን አትያዢ። ነገር ግን ነፍሰ ጡር ነሽ፤ ላንቺ ውሃው ብቻ አይበቃም። ይህን ኪኒን ሰባቱንም ቀን ትውጫለሽ፣ ቢሻልሽም እስከ መጨረሻው። ብርድ ብርድ ካለሽ፣ ካተኮሰሽ፣ ጎንሽን ከወጋሽ፣ ካስመለሰሽ፣ ያንኑ ቀን ነይ። ነገ አትበይ።› እርስዎም ይሂዱና ይታዩ። ሴት ናት እኮ፣ ምን ያሳፍራል?»

«በዚህ ዕድሜዬ ሽንቴን በብልቃጥ ይዤ በሰው መሀል ልዙር? ይቅር። የመስኖው ዳር የጋለ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ተልባ ስጠጣበት ይተወኛል።»

ተልባውን ጠጣች። የገብስ ውሃም አፍልታ አቀዝቅዛ ጠጣች። ውሃ ስታበዛ መለብለቡ ትንሽ ረገብ ይልላትና ማታ እንደገና ይመለሳል። ከዐሱር እስከ መግሪብ አንድ ውዱእ መያዝ አቃታት። ሰው ቤት ለሐዘን ሄዳ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ሳታይ አልቀመጥ አለች።

ሲቲ ደግሞ መድኃኒቱን በጀመረች በሦስተኛው ቀን ምንም አልነበራትም። ቅልል ብሏት ጓሮ ለጓሮ ትንጎራደዳለች። የዚያን ቀን ዙልፋ ከመስገጃዋ ተነስታ ስትወጣ አየቻትና ወደ ጓዳ ገባች። የዓሪፍን መቀስ ይዛ፣ ካፕሱሎቹ የተደረደሩበትን እሽግ ይዛ ወጣች። መሀሉ ላይ ቆረጠችው።

«ይኸው እማዬ።»

«ምንድነው ይሄ?»

«ድርሻዎ።»

«ውይ! ነርሷ እስከ መጨረሻው አላለችሽም?»

«እሱ እስኪሻል ነው። እኔን ትቶኛል። እርስዎ አጠገቤ እየተቃጠሉ እኔ ደህናዋ መድኃኒት ልዋጥ? እንጀራውን አብረን፣ ውሃውን አብረን፣ ይሄ ሲሆን ብቻዬን? ሐራም ይሆንብኛል።»

ዙልፋ እሽጉን በመዳፏ ይዛ ቆመች። በዚህ ቤት፣ በዚህ ቀበሌ፣ ለብቻው የሚቀመስ ነገር የለም። በቆሎ እሸት ሲደርስ የመጀመሪያው ለጎረቤት ነው፤ የተረፈ ሽሮፕ እንኳ ሕፃን ወዳለበት ቤት ይላካል። እምቢ ማለት ፍቅር መመለስ ነው። ደግሞም አቃጥሏታል።

«አላህ ልጅሽን ያሳድግልሽ» ብላ ተቀበለች።

በሁለተኛው ቀን የምሽቱን መግሪብ በዙሁሩ ውዱእ ሰገደች። መስገጃዋን ስታጥፍ አልሐምዱሊላህ አለች፤ ከሲቲ ጋር ተያይተው ሳቁ። ማንቆርቆሪያው ሳይነካ ዋለ፣ አደረ። ለጎረቤቷ ለዓቢዳም «የኔ ምራት እኮ ከአፏ አውጥታ ነው ያጎረሰችኝ» እያለች አወራችላት።

ከሳምንት በኋላ ይሆናል፣ ድንጋይ በሚያግል ፀሐይ ሲቲ ቤት ውስጥ ሆና ጋቢ ፈለገች። ዙልፋ ገብታ ስታያት ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ግንባሯን ብትዳስሳት እሳት ነው።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ፀሐይ መታኝ መሰለኝ። እዚህ ጋ ይወጋኛል።» ከጎኗ በታች፣ ወገቧ አጠገብ፣ በአንድ በኩል አሳየቻት። ከዚያ ዞር ብላ የጠጣችውን ውሃ አስመለሰች።

ብርድ ብርድ። ትኩሳት። ጎን። ማስመለስ። ሲቲ ጣቷን ቀስራ፣ ድምፅዋን አወፍራ የተናገረችው አንድ በአንድ በዙልፋ ጆሮ ተደገመ። አውቃዋለች። ይሁን እንጂ ያንን ማወቅ ሌላውንም ማወቅ ነው፦ ግማሹን እሽግ ማን እንደዋጠው። ዙልፋ ወባ ነው ብላ አሰበች። በሀብሩ ቆላ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ ወባ አይደል የሚባለው?

ዓሪፍ አመሻሽ ላይ ባጃጁን ከመርሳ ይዞ ሲገባ ሚስቱን አየና ቁልፉን ከእጁ ሳያኖር ቆመ። «እንውሰዳት እማዬ። አሁን እንሂድ።»

«ወባ ነው። በዚህ መንገድ እያንገጫገጭክ ጽንሱን ልታስጥላት ነው? ጠዋት ረጋ ብለን እንወስዳታለን፣ ኢንሻአላህ።»

ዓሪፍ የእናቱን ቃል አልፎ አያውቅም። ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቀለው።

ጠዋት ግራና ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ሲስተር ፍሬሰላም ሲቲን ገና ከበሩ አየቻትና አልጋ ላይ አስተኛቻት። ደሟን ለወባ አስመረመረች፤ ወባ የለም። ወገቧ ላይ በእጇ መታ ስታደርጋት ሲቲ ጮኸች።

«ያንን መድኃኒት ጨርሰሻል?»

«አዎ» አለች ሲቲ ዓይኗን ጨፍና።

ዙልፋ የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች። ልጅቷ ለማን ብላ እንደምትዋሽ ገባት። አሁንም ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር።

«አልጨረሰችም» አለች። «ግማሹን እኔ ነኝ የዋጥኩት። እኔንም ያቃጥለኝ ነበር። ሰጠችኝ፣ ተቀበልኩ።»

ዓሪፍ ወደ እናቱ ዞረ። ፍሬሰላም ግን ቀና አላለችም፤ የሲቲን ክንድ ይዛ መርፌ የምትሰካበትን የደም ሥር እየፈለገች ነበር።

«ማቃጠሉ የሚተወው ተህዋሲያኑ ሲቀንሱ ነው እንጂ ሲያልቁ አይደለም፣ እማማ» አለች ቀስ ብላ። «የቀሩት መልሰው ተራብተው ወደ ኩላሊቷ ወጥተዋል። ለጤነኛ ወጣት፣ ላላረገዘች፣ ሕመሙ ሲቀል ውሃ ብቻውን የሚያድንበት ጊዜ አለ። ለነፍሰ ጡር ግን ያ አይሞከርም። እርስዎም ቢሆኑ ተመርምረው የራስዎን መውሰድ ነበረብዎ። ትኩሳቱ መቼ ነው የጀመራት?»

«ትናንት ከዙሁር በኋላ» አለች ዙልፋ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ፍሬሰላም የጠራችው አምቡላንስ ወልድያ ያደረሳቸው ግሉኮሱ ከሲቲ ክንድ ሳይነቀል ነው። ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒቱ በደም ሥሯ ይገባል፤ ትኩሳቷም ወረድ ማለት ጀምሮ ነበር። ምጡ ግን ከዚያ ቀድሞ ተነስቷል። ሐኪሞቹ ሊያስቆሙት ሞከሩ። አልቆመም።

ወንድ ነበር። የተወለደው በሕይወት ነው፤ ዓሪፍ ጆሮው ላይ የሶላት ጥሪውን አዛን እስኪያደርግለትና ሚስባህ ብሎ ስም እስኪያወጣለት ቆየ። ዙልፋ በመስታወቱ ውስጥ አየችው። ደረቱ እንደ ጫጩት ደረት ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይል ነበር፤ ከዚያ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ቆመ። ኢና ሊላሂ አሉ። ዓሪፍ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ጭኑ ላይ አድርጎ በሚኒባስ ወደ ቀያቸው ወሰደው። ከመናኸሪያው ሲወጣ ረዳቱ «ዕቃውን ከላይ ልጫንልህ?» ብሎት እንደነበር ለእናቱ የነገራት በኋላ ነው። የነገራትም ይህንን ብቻ ነው።

ሲቲ ከሆስፒታል ስትወጣ የቀረውን መድኃኒት በወረቀት ከረጢት ይዛ ወጣች። ዙልፋም መለብለቡ ተመልሶባት ነበር፤ ግራና ሄዳ በሰው መሀል ብልቃጧን በእጇ ይዛ ተሰለፈች። ማንም አላያትም። ያን ሁሉ የፈራችው ዓይን አልነበረም፤ ሰው ሁሉ የራሱን ይዞ ቆሟል። ፍሬሰላም ሽንቷን፣ ስኳሯንም አስመረመረችላትና የራሷን መድኃኒት ሰጠቻት።

አሁን በጓዳው መስኮት ደፍ ላይ ሁለት እሽግ ጎን ለጎን ይቀመጣል። አንደኛው የሲቲ፣ አንደኛው የዙልፋ። ሲቲ ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ትተኛለች። ጡቷ ወተት አግቷል፤ ቀሚሷ ደረቷ ላይ ይርሳል፤ ማንም አያነሳውም። ዓሪፍ ማታ ማታ ከመርሳ ሲመለስ ባጃጁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይቆያል።

«ሲቲ» አለች ዙልፋ አንድ ቀን። «አልቀበልም ማለት ነበረብኝ። ማታውኑም ይሂዱ ማለት ነበረብኝ።»

ሲቲ ጋቢዋን እስከ ትከሻዋ ሳበች።

«መቀሱን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ፣ ሳትዞር።

«ዐውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

«ብያለሁ እማዬ። ብልስ ምን ይሆናል?»

ዙልፋ ተነስታ ከጀሪካኑ ውሃ ቀዳች። ሲቲን ደግፋ ቀና አደረገቻትና ካፕሱሏን ሰጠቻት፤ ሲቲ እንደ ታዘዘ ሕፃን ዋጠች፣ ውሃውንም እስከ ታች ጠጣችና መልሳ ተኛች። ከዚያ ዙልፋ የራሷን እሽግ አነሳች። የቀረችው የመጨረሻዋ ናት። ቃጠሎው ከተዋት ቆይቷል። በአውራ ጣቷ ገፍታ አወጣቻት፣ ምላሷ ላይ አደረገቻት፣ ውሃ ጨምራ ዋጠቻት። ባዶውን እሽግ አጥፋ መስኮቱ ላይ መልሳ አስቀመጠችው፤ ብርጭቆውንም አለቅልቃ ደፋችው።