ምግብ ማብሰል የሚል የለበትም

ጋሻዬ ሁሉንም ያሟላል። ሁሉንም።

ወንድ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አላገባም። ከቁመቱ የተነሳ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው። ኦርቶዶክስ ነው፣ ማተቡ ይታያል። ዲፕሎማ አለው፣ የቅየሳ። እንግሊዝኛም ይናገራል። መንጃ ፈቃድ አለው። ሃምሳ ኪሎ ያነሳል፤ "ላሳያችሁ?" ብሎ ማንም ሳይመልስለት ከመጋዘን አንድ ጆንያ ዱቄት ተሸክሞ መጣ። መሣሪያ ፈትቶ ይገጥማል። ይሄን እንኳ እንዲያሳየን አልፈቀድንም።

"በጣም ጥሩ" አልኩት። "በል እንቁላል ጥበስልን።"

"እኔ?"

"ሼፍ ልትሆን አይደል እንዴ የመጣኸው?"

"አዎ።" ስልኩን አወጣና በራችን ላይ የለጠፍነውን ማስታወቂያ ፎቶ አሳየኝ። "ግን እህቴ፣ ምግብ ማብሰል የሚል የለበትም እኮ።"

አነበብኩት። እውነቱን ነው። የለበትም።

ለማንኛውም ሞከረ። የመጀመሪያው እንቁላል ምድጃው ኋላ ገባ። ሁለተኛው ከነቅርፊቱ መጥበሻው ላይ ፈሰሰ። ሦስተኛውን ነሲባ ከእጁ ተቀበለችው፤ በአንድ እጇ ሰበረች፣ ገለበጠች፣ ሳህን ላይ አሳረፈች። ጋሻዬ አጨበጨበላት። ጥሩ ልጅ ነው።

ነሲባ የዚህ ሆቴል ኩሽና ረዳት ናት። እዚህ ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው። ዋናው ሼፍ ጋሽ አረጋ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ከገና በፊት ሥራ ሊያቆሙ ነው። ከገና በፊት! ላሊበላ ላይ! ማስታወቂያው ከወጣ ሦስት ሳምንቱ ነው። የመጣልን ሰው አንድ ጋሻዬ ብቻ ነው።

"አንቺ ለምን አላመለከትሽም?" አልኳት ነሲባን።

"ማንበብ አልችልም እንዴ? ወንድ ይላል። ኦርቶዶክስ ይላል። እኔ ከሁለቱም የለሁበትም።"

"ታዲያ አትነግሪኝም ነበር?"

"ነገ ጠዋት መርሳ ከተማ እሄዳለሁ፣ ማኅሌት። ሂንድ ምግብ ቤት ከፍታለች፣ ነይ ብላኛለች። መኪና ላይ ቦታ ይዣለሁ።" ሂንድ የአክስቷ ልጅ ናት። "መሄድ ፈልጌ መሰለሽ? ይሄን ኩሽና እኔ ነኝ መልክ ያስያዝኩት። ግን አዲስ ሰው አስተምሬ ሼፍ አድርጌ፣ እኔ ድስት ሳጥብለት ልኑር? አላደርገውም።"

"ማስታወቂያው ቢቀየርስ?"

"ተለጥፎ ሳየው አምናለሁ።"

ሰዓቱ ስምንት ነው። መኪናው ንጋት አሥራ ሁለት ላይ ይነሳል። ወደ ሆቴሉ ባለቤት ሮጥኩ።

ባለቤቱ ጋሽ ኢያቄም ይባላል። ማስታወቂያውን ማን እንደጻፈው ጠየቅኩት። እሱ ነው።

"ያለፈውን የጥበቃ ማስታወቂያ ወሰድኩና 'ጥበቃ' የሚለውን አጥፍቼ 'ሼፍ' አልኩ። ዲፕሎማ፣ እንግሊዝኛና ኦርቶዶክስ የሚል ጨመርኩበት። ምን ችግር አለው?"

"ጥበቃ መጣልህ።"

ሰው ለመቅጠርም፣ ደመወዝ ለመክፈልም፣ አንሶላ ለመቁጠርም በዚህ ሆቴል ያለሁት እኔ ነኝ። ጎትቼ ኩሽና አስገባሁት። ጋሽ አረጋ ሽንኩርት መክተፊያው ጠረጴዛ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ነሲባ ጀርባዋን ሰጥታን ምስር ትለቅማለች፤ ጆሮዋ ግን እኛ ጋ ነው። ጋሻዬም አልሄደም፣ ጥግ ይዞ ሽሮ ይበላል።

ሁለት ወረቀት ዘረጋሁ። "አንደኛው፣ ከሌለ ሥራው የሚቆም። ሁለተኛው፣ ቢኖር ጥሩ፣ ባይኖር መማር የሚቻል። ከሁለቱም ያልሆነ፣ እዚያ።" የሽንኩርት ልጣጭ ባልዲውን አሳየሁት።

"እሺ። ወንድ" አለ ጋሽ ኢያቄም።

"ለየትኛው ሥራ?"

"ከባድ ሥራ ነው። ጆንያ ማንሳት አለው።"

"ጋሽ አረጋ፣ መጨረሻ ጆንያ ያነሱት መቼ ነው?"

"እኔ?" አሉ። "ይሄ ሆቴል መሠረቱ ሲቆፈር።"

"ማነው የሚያመጣው?"

"ልጆቹ በጋሪ ነዋ።"

ባልዲ። ወንድ የሚለውም፣ ሃምሳ ኪሎውም። ዕድሜ፣ ባልዲ። ጋሽ አረጋ ስልሳ ሦስት ናቸው። ያላገባ፣ ባልዲ። ጋሽ አረጋ ሰባት ልጅ አላቸው። "ኧረ እኔን ጭምር ጣላችሁኝ እኮ!" ይላሉ እየሳቁ።

"ቁመናው ያማረ፣ ከአካል ጉድለት የጸዳ።"

"እንግዳ ኩሽና ይገባል?"

"አይገባም።"

"ምን ፈልገህ ነው የጻፍከው?"

"ንጹሕ ሰው። በሽታ የማያስተላልፍ።"

"እሱን በለዋ!" ጻፍኩ፦ የምግብ ሠራተኛ የጤና ምርመራ ወረቀት፤ የንጽሕና ደንብ ማወቅ። ይሄ የግድ ነው። ቁመናው ባልዲ ገባ።

"መንጃ ፈቃድ። ከኤርፖርት እንግዳ ቢያመጣስ?"

"ሼፉ ኤርፖርት ሲሄድ ድስቱን ማን ያማስላል?"

ባልዲ። መሣሪያውን እኔ ሳልናገር ራሱ ጣለው። አሁን እየጣመው ሄዷል። "ዲፕሎማ!" አለ ልክ ጨረታ ላይ እንዳለ።

"በትልቅ ኩሽና ሦስት ዓመት የሠራ ሰው ያለ ዲፕሎማ ይሠራል?"

ጋሽ አረጋን አየ። ጋሽ አረጋ ዲፕሎማ የላቸውም። "ይሠራል" አለ ቅር እያለው። ልምዱ የግድ፣ ዲፕሎማው ቢኖር ጥሩ። እንግሊዝኛም እንደዚያው ተከፈለ። ከአስተናጋጅ የሚመጣውን የትእዛዝ ወረቀት ማንበብ የግድ፤ ከፈረንጅ ጋር ማውራት ቢኖር ጥሩ።

ኦርቶዶክስ ላይ ቆመ። "ይሄ አይነካም። የገና ሰው ሁሉ ጾመኛ ነው።"

"ሕጉ በጾታና በሃይማኖት እየለያችሁ አትቅጠሩ ይላል። እሱን ለጊዜው ተወው። ሥራው ምንድነው?"

"የጾም ምግብ ማወቅ። ቅቤ የነካ ነገር ከጾሙ ጋር እንዳይገናኝ መጠበቅ።"

"ጋሽ አረጋ፣ የጾሙን መጥበሻ ማነው የለየው?"

በአገጫቸው ወደ ነሲባ ጠቆሙ። "እጀታውን ሁሉ አረንጓዴ ጨርቅ ጠምጥማ። አንድ ቀን ረስቼ የቅቤ ማንኪያ ብሰድበት ከነማንኪያው ከኩሽና አስወጣችኝ።"

"አላስወጣሁም" አለች ነሲባ ዘወር ሳትል። "ገፋሁዎት እንጂ።"

ጻፍኩ፦ የጾምና የፍስክ ምግብ፣ ዕቃና ማስቀመጫ ለይቶ መሥራት። የግድ። ጨረስን ብዬ ወረቀቱን ላነሳ ስል ጋሽ ኢያቄም እጁን አሳረፈበት።

"አንድ ይቀራል። መቅመስ። ሼፍ ያልቀመሰው ምግብ ከዚህ ኩሽና አይወጣም። ነሲባ ደግሞ እኛ ክርስቲያኖች ያረድነውን ሥጋ አትበላም። አልተሳሳትኩም አይደል?"

አልተሳሳተም። የነሲባ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ለፍቼ እዚህ ደርሼ፣ በሥጋ ወጥ!

ጋሽ አረጋ ሳቅ ጀመሩ። መጀመሪያ ትከሻቸው፣ ከዚያ ወንበሩ።

"ኢያቄም፣ ልጄ፣ ዛሬ ስንት ነው?"

"ኅዳር ሃያ አምስት።"

"ጾም ነው አይደል? ታዲያ የትናንቱን የጀርመኖቹን ጥብስ ማን ቀመሰው?"

"እርስዎ ነዎታ።"

"እኔ? በነቢያት ጾም? እኔ ሥጋ?" አማተቡ። "በል ቁጠር። ረቡዕና ዓርብ። ዐቢይ ጾም። ሐዋርያት። ፍልሰታ። ነቢያት። እኔ ደግሞ ጽጌንም እጾማለሁ። ግማሹን ዓመት አልቀምስም! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ!"

"ታዲያ ማነው የሚቀምሰው?" አለ ጋሽ ኢያቄም፣ ድምፁ ቀጭን ሆኖ።

"አንተ ነህ!"

ጋሻዬ እንኳ ማላመጥ አቆመ።

"'እስቲ ልየው' እያልክ ማንኪያ ይዘህ የምትመጣው ማነው? 'ጨው አነሰው' የምትለው ማነው? ዝም ያልኩህ ለስምህ ብዬ ነው።"

"ለጨጓራዬ ነው! የነፍስ አባቴ ፈቅደውልኛል!"

"ጨጓራህ በሳህን ነው የሚቀምሰው?"

ነሲባ ምስሩን ትታ ግድግዳ ተደገፈች። በሳቅ እንባዋ ይወርዳል። ጋሻዬ ሽሮው ትን አለው። እኔ ብዕሩን መያዝ አቃተኝ። ጋሽ ኢያቄም ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ሳቅ ነው።

እንደምንም ጻፍኩ፦ ምግቡ ከመውጣቱ በፊት ጨው፣ ቅመምና ብስለቱ ልክ መሆኑን ማረጋገጥ፤ በራስ ቀምሶ ወይም ሌላ ሰው አስቀምሶ።

"'ሌላ ሰው' የሚለው ላይ ስሜ ይገባል?" አለ ጋሽ ኢያቄም።

"አይገባም።"

"እንደዚያ ከሆነ አትሚው።"

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለጠፍኩት። "የምትችል ወይም የሚችል" እያልኩ ነው የጻፍኩት። ላይኛው መስመር ላይ ደግሞ፣ ጋሻዬን ላለማሳፈር፣ ምግብ ማብሰል አልኩ። እሱ ቀድሞ አነበበው።

"አሁን እኔ አላሟላም ማለት ነው?"

"አዎ።"

"ተመስገን" አለ፣ ከልቡ።

ነሲባ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ሃይማኖት የሚለውን ፈለገች፣ የለም። ጾታ ፈለገች፣ የለም።

"ይሄ 'ቢኖር ይመረጣል' የሚለው ባይኖረኝስ?"

"ታመለክቻለሽ።"

"የግድ የሚለውስ?"

"አንብቢዋ።"

አነበበች። "አለኝ። አለኝ። ይሄም አለኝ። የጤና ወረቀት፣ ባለፈው ወር አሳድሻለሁ፣ አለኝ!" መንገደኛው ሁሉ ዘወር እያለ ያያታል። "ለኔ ነው እንዴ የጻፍሽው?"

"ለሥራው ነው። ሌላም ሰው ይመጣል፣ እንዳትዘናጊ።"

ማመልከቻዋን እዚያው በሩ ላይ ቆማ፣ የጋሻዬን ጀርባ ጠረጴዛ አድርጋ ጻፈች። ከዚያ መናኸሪያ ደውላ ቦታዋን ለቀቀች።

ሌላ ሰው መጣ። ከነሲባ ጋር አራት ሆኑ። ገብረ ሊባኖስ ከወገል ጤና፣ አንድ እግሩን ያነክሳል፣ የትምህርት ቤት ኩሽና አምስት ዓመት የመራ፤ በፊተኛው ማስታወቂያ በሩንም አያልፍም ነበር። ማርያማዊት ከኩልመስክ። አንድ ደግሞ ከዚሁ ከተማ። ፈተናውን ከወረቀቱ ቀዳሁት፦ ከትእዛዝ ወረቀት አንብቦ ለአሥር ሰው ጾምና ፍስክ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል። ሳህኖቹ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ፍስኩን ማን ይቅመስ? ጋሽ ኢያቄም፣ በአደባባይ። ጨጓራው በፈተናው ቅዳሜ ስምንት ሳህን ቀመሰ።

የገብረ ሊባኖስ ስጎ የነሲባን በለጠ፤ አልደብቅም። እሷ ዕቃ በመለየትና በሰዓት በለጠችው። በሦስት ነጥብ አለፈች። ቁጥሩ ተገልጦ ስሟ ሲነበብ ነሲባ እልል አለች። ለራሷ። ጋሽ አረጋ ጉልበታቸውን ረስተው ተነስተው ጨፈሩ፤ ማርያማዊት ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ገብረ ሊባኖስ የረዳቱን ቦታ ስንጠይቀው "ስጎው የኔ ከሆነ" አለ። የሱ ሆነ።

ነሲባ እንደማትመጣ ቁርጡን ልትናገር መርሳ ደወለች። የሂንድ ጩኸት እኔ ጋ ይሰማል። "አንቺን ብዬ ምድጃ ገዝቼ! ውሸታም!"

"ቆይ፣ አትጩሂ። ሰው እልክልሻለሁ። ማርያማዊት ትባላለች፣ እሺ ብላኛለች። ዛሬ ያበሰለችውን ብታይ!"

"ማርያማዊት?" አለች ሂንድ። "አግብታለች? ስንት ዓመቷ ነው? መልኳስ?"

"አንቺ" አለች ነሲባ፣ ስልኩን ከአንድ ጆሮ ወደ ሌላው እያዛወረች፣ "ሠራተኛ ነው የምትፈልጊው ወይስ ለወንድምሽ ሚስት?"