የመክሊት የባዮሎጂ ውጤት

ቢቸና የነበረው ትምህርት ቤታችን ሲቃጠል የዘጠነኛ ክፍል ሮስተር አብሮ ነደደ። የተረፈው በስልኬ ያነሳሁት ፎቶ ብቻ ነው። የተማሪዬ የስርጉት አባት መሪጌታ ይታያል ልጃቸውን ይዘው እኔ ወደተዛወርኩበት ሞጣ መጡ። ልታመለክትበት የፈለገችው አዳሪ ትምህርት ቤት ከየክፍሉ የሚቀበለው አንደኛ የወጣውን ብቻ ሲሆን ምዝገባው ዛሬ ይዘጋል።

ፎቶውን አስፍቼ አሰላሁ። አንደኛው ሴሚስተር አርባ፣ ሁለተኛው ስልሳ በመቶ ይይዛል። ስርጉት 90 እና 95 ስላላት የዓመቱ አማካይዋ 93 ሆነ። የምትፎካከራት መክሊት ብቻ ናት። በአንደኛው 96 ስላላት በሁለተኛው አማካይ 91 ካመጣች እኩል ይሆናሉ። በዚህ ሴሚስተር ከአስሩ ትምህርቶች የዘጠኙ ድምሯ 822 ነው። የባዮሎጂዋን ግን የፍላሹ ነጸብራቅ ሸፍኖታል፤ የሚታየው የፊቱ ስምንት ብቻ ነው።

"88 ከሆነ እኩል ናቸው፤ 89 ከሆነ መክሊት ትበልጣለች" አልኳቸው።

"ከዚያ በታችስ?"

"ስርጉት አንደኛ ናት።"

"እንግዲያው ከአስሩ ዕድል ስምንቱ የልጄ ነው። ጻፋ መምህር!"

"መሪጌታ፣ ውጤት በዕድል እንዴት ይሞላል?"

"ሰው በጨለማ ያማርራል፤ አንተ በብርሃን!"

የባዮሎጂው መምህር ስደውልለት "የስልሳ ልጅ ውጤት በቃሌ ልያዝ እንዴ?" አለኝ። የመክሊት ስልክ አይሠራም። ማመልከቻው ላይ ደረጃውን ባዶ ትቼ ምክንያቱን ጽፌ ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ በስልኬ ላክሁ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ደረጃ የሌለው ማመልከቻ አይታይም።

መሪጌታ መልእክቱን አንብበው ስልኩን መለሱልኝ።

"እንሂድ አባዬ" አለች ስርጉት፤ "መኪና ያመልጠናል።"