ጠርዙ የተቆረጠ መለማመጃ

ጀማሪዋ ሐኪም የታማሚው ልብ በደቂቃ አርባ ጊዜ ብቻ እንደሚመታ የልብ ምትን ከሚያትመው የኢሲጂ ማሽን ወረቀት ላይ ቆጥራ ተናገረች። ባልደረባዋ ደግሞ የሰውየውን እጅ ይዞ ቆጠረና ሰማንያ ነው አለ። እሷ ልብ የሚያፈጥነውን መድኃኒት በመርፌ ቀድታ ልትወጋው ነበር።

መምህራቸው ወረቀቱን ከእጇ ነጠቀ። ጠርዙ ላይ «50 ሚሜ በሰከንድ» ይላል። ማሽኑ ወረቀቱን በተለመደው ፍጥነት እጥፍ ስለገፋው ምቶቹ ተራርቀው ታትመዋል፤ ሰማንያው አርባ መስሏል።

«ይህን ሳታዪ ነው የቆጠርሽው?»

«ዶክተር፣ በተለማመድንበት የኢሲጂ ናሙናዎች ጥራዝ ላይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ የለም።»

እውነቷን ነበር። ጥራዙን ያዘጋጀው የክፍሉ ኃላፊ የወረቀቶቹን ጠርዝ ሁሉ ቆርጦ ጥሎታል። መምህሩ በቀጥታ ኃላፊው ቢሮ ገባ።

«ጠርዙን የቆረጥኩት እንዲያምር ብዬ ነው» አለ ኃላፊው። «ልጅቷን ግን የዚህን ክፍል ልምምድ አላሳልፋትም።»

«ዓይኗን ራስህ ሸፍነህ ለምን አላየሽም ትላታለህ? አታፍርም ወንድሜ? ሰው ልትገድል ነበር እኮ!»

«እና ምን ላድርግልህ?»

«ምንም። ጥራዙን እኔው ከነጠርዙ እንደ አዲስ እሠራዋለሁ። መጀመሪያ ጤነኛ ልብ፣ ቀጥሎ ፍጥነቱ የተቀየረ ወረቀት፣ በሽታው መጨረሻ ይመጣል። እሷን ከጣልካት ግን እኔም ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አላስተምርም።»