በአማካይ የተፈታው ልጅ

አለቃችንን «አማካይ» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። የአንድ የድሮ እስር ቤት የደበዘዙ የታይፕ ካርዶችን ስካን አድርገን በኮምፒውተር እንዲፈለጉ እያዘጋጀን ነበር። ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ ካርድ የእስረኛውን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የገባበትን ዓመትና መጨረሻውን፣ ማለትም ተፈታ ወይስ ሞተ የሚለውን፣ ያወጣል፤ ከእያንዳንዱም ጎን ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ በመቶኛ ያስቀምጣል። ከሰማንያ በታች ያለውን ሁሉ እኔ ከዋናው ካርድ ጋር አመሳክሬ አርማለሁ። ሥራው ግን ተጓተተ ተባለና፣ አማካይ አራቱን ቁጥሮች ደምሮ ለአራት አካፍሎ ለካርዱ አንድ ቁጥር ሰጠው። ሰማንያን ያለፈ ካርድ አረንጓዴ ምልክት ተደርጎበት ማንም ሳያየው ያልፍ ጀመር።

«ስሙ በደንብ ስለተነበበ መጨረሻውም ተነበበ ማለት ነው?» አልኩት።

«አንተ ደግሞ ነገር ማክበድ ትወዳለህ።»

አንድ ጠዋት አንዲት እናት ሴት ልጃቸውን ተደግፈው መጡ። ወንድ ልጃቸው በጎረምሳነቱ ታስሮ ሳይመለስ ቀርቷል። ከመሞታቸው በፊት ማወቅ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ሞቷል ወይስ አለ? በመስኮት ባለጉዳይ የምታስተናግደው ሠራተኛ ፈልጋ አረንጓዴውን አየችና «ተፈቷል» አለቻቸው።

እናትየው ፊታቸው አመድ መሰለ። «ተፈቶ ነው እኔን ያላየኝ?» አሉና ወጡ።

ነገሩ ከነከነኝ። ካርዱን ከፈትኩት። ስም ዘጠና ስምንት፣ የአባት ስም ዘጠና ሰባት፣ ዓመት ዘጠና ስድስት፣ መጨረሻው አርባ አንድ። በአማካይ ሰማንያ ሦስት። ቀለሙ የጠፋውን ቃል ፕሮግራሙ እንደ አብዛኞቹ ካርዶች «ተፈታ» ብሎ ገምቶታል። ዋናውን ካርድ አውጥቼ መብራቱን ከጎን አስጠጋሁበት። ቀለሙ ቢሄድም የታይፑ ፊደል ወረቀቱን ሰርጉዶታል። «በበሽታ ሞተ» ይላል።

ለአማካይ አሳየሁት። «ይታረማል» አለ። «ሴትዮዋን ግን ተዋት፤ አለ ብላ ትጽናና።»

አድራሻቸውን ከጥያቄ ቅጹ ወስጄ ቤታቸው ሄድኩ። ሴት ልጃቸው አስገባችኝ። ያየሁትን ሳልደባብቅ ነገርኳቸው፤ ይቅርታም ጠየቅኩ።

«እኔኮ ከእናንተ ዘንድ እንደተመለስኩ ረገምኩት» አሉ እናትየው። «ያጠባሁት ጡት ይፍረድበት አልኩ። ጎረቤት በተሰበሰበበት ልጅ የለኝም አልኩ።»

«እማዬ፣ ባለማወቅ ነው» አለች ልጃቸው።

«እሱ እዚያ ሆኖ እናቴን እያለ ነው የሞተው። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ረገምኩት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የሞተ ልጅ የእናቱን እርግማን ይሰማል? እስቲ ይህን ደግሞ በማሽናችሁ ፈልጉልኝ።»